የጠብታ መስኖ በ200 ካሬ ሜትር ጓሮ፦ የኤሚተር ርቀት፣ ማጣሪያ እና በእርግጥ የሚቆጠበው ውሃ

ጥያቄ፦ ባቱ አካባቢ 10 በ20 ሜትር የሆነ ጓሮ አለኝ። ግማሹን ቲማቲም፣ ግማሹን ሽንኩርት አለማበታለሁ። አፈሩ አሸዋማ ነው። ከእጅ ጉድጓድ በትንሽ ፓምፕ እየሳብኩ 1.5 ሜትር ማማ ላይ ያለ የ1000 ሊትር ሮቶ እሞላለሁ፤ እስካሁን የማጠጣው በቦይ ነው። አሁን ወደ ጠብታ መስኖ ልቀይር አስቤያለሁ። የጠብታዎቹ ርቀት ስንት ይሁን? ማጣሪያ የግድ ነው ወይ? ሻጩ 70 በመቶ ውሃ ይቆጥባል ይላል፤ ልመነው?

ምላሽ፦

ለአሸዋማ አፈርዎ የ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተስማሚ ነው፤ ማጣሪያው የግድ ነው፤ 70 በመቶ የተባለውን ቁጠባ ግን በወቅቱ ሙሉ አያገኙትም። አሁን በቦይ ከሚያጠጡት ጋር ሲነጻጸር፣ በደንብ የተዘረጋና የሚጠበቅ መስመር 40 በመቶ ገደማ ይቆጥብልዎታል፤ ተመሳሳዩ ቱቦ በዚያው ጓሮ ላይ ሳይጠበቅ ቢቀር ግን ቁጠባው ወደ 15 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መጨረሻው የሚወጣው ውሃ እኩል መሆኑ ወይም አለመሆኑ ነው። ሦስቱ ጥያቄዎችዎ የተያያዙት በዚህ ስለሆነ መልሱንም በዚሁ መንገድ አቀርባለሁ።

ከርቀቱ በፊት ስለ ግፊት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ገበያ ላይ ያለው የጠብታ ቱቦ በአብዛኛው የተሠራው በፓምፕ ግፊት እንዲሠራ ታስቦ እንጂ ለማማ አይደለም። ቱቦው ውስጥ በየርቀቱ የተቀበረውና ሻጮች ኤሚተር የሚሉት ጠብታ አውጪ «በሰዓት 1.6 ሊትር» የሚል ጽሑፍ ካለው፣ ያ መጠን የተለካው በ1 ባር፣ ማለትም 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በሚፈጥረው ግፊት ነው። የእርስዎ ማማ 1.5 ሜትር ነው፤ ሮቶው ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ ጨምረን፣ በማጣሪያውና በቱቦው የሚባክነውን ስንቀንስ በአማካይ 2 ሜትር ያህል ግፊት ይቀርልዎታል። ፍሰቱ ግን ግፊቱ በቀነሰበት ልክ አይቀንስም። ግፊቱ ወደ አንድ አምስተኛ ሲወርድ የተለመደው ኤሚተር ፍሰት ከግማሽ ጥቂት ዝቅ ብሎ በሰዓት 0.7 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሮቶው ሲሞላ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፣ ወደ ማለቁ ሲጠጋ ትንሽ ያንሳል።

ፍሰቱ ዝቅ ማለቱ በራሱ ጉዳት የለውም፤ የማጠጫ ጊዜውን በማርዘም ይካካሳል። ጉዳት የሚመጣው ሻጩ «የተሻለው ይህ ነው» ብሎ ግፊት የሚያስተካክለውን ኤሚተር የሸጠልዎት እንደሆነ ነው። ያ ዓይነት ውስጡ ትንሽ የጎማ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑም በትክክል ሥራውን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ግፊቱ 0.5 ባር ገደማ ሲደርስ ነው። በ2 ሜትር ግፊት አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ በከፊል ይዘጋል፤ ስለዚህ ለእኩልነት ተብሎ የተሠራው ዕቃ በማማ ላይ እኩልነትን ያጠፋል። በዋጋም ከተራው ይበልጣል። እርስዎ የሚፈልጉት ተራውን፣ ሽፋን የሌለውን ነው። ሲገዙም «ከማማ ላይ በሚወርድ ውሃ ነው የምጠቀመው» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው።

ዝቅተኛ ግፊት ሌላም ነገር ያስገድዳል። ግፊቱ 2 ሜትር ብቻ በሆነበት ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር የሚያህል የመሬት ተዳፋት ከጠቅላላው ግፊት 15 በመቶ ስለሆነ፣ ከላይና ከታች ባሉት ኤሚተሮች መካከል ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚደርስ የፍሰት ልዩነት ያመጣል። በተጨማሪም ቱቦው በረዘመ ቁጥር በመንገድ ላይ የሚባክነው ግፊት ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የጠብታ ቱቦዎቹን በ20 ሜትሩ ሳይሆን በ10 ሜትሩ ጎን ይዘርጓቸው፤ 32 ሚሊ ሜትር የሆነውን አከፋፋይ ቱቦ ደግሞ በ20 ሜትሩ ጎን ያስኪዱ፤ ከሮቶው የሚመጣውንም መስመር በአከፋፋዩ መካከል ያስገቡ እንጂ ከአንድ ጫፍ አይጀምሩ። መሬቱ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ አከፋፋዩ በከፍተኛው በኩል ይሁንና የጠብታ ቱቦዎቹ ቁልቁል ይውረዱ፤ በመንገድ የሚጠፋውን ግፊት ቁልቁለቱ ይመልሰዋል።

ወደ ርቀቱ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የኤሚተርን ርቀት ከችግኝ ርቀት ጋር ለማዛመድ ይሞክራል። በመደዳዎቹ መካከል የሚኖረውን ርቀት በእርግጥ ሰብሉ ይወስነዋል፤ በአንድ ቱቦ ላይ በኤሚተርና በኤሚተር መካከል ያለውን የሚወስነው ግን አፈሩ ነው። ከእያንዳንዱ ጠብታ ሥር የሚፈጠረው እርጥብ አካል በዋልካ አፈር ወደ ጎን ሰፋ ብሎ እንደ ድንች ይደበለብላል፤ በአሸዋማ አፈር ግን ጠበብ ብሎ እንደ ካሮት ወደ ታች ይወርዳል። የጎረቤት እርጥበቶች ተገናኝተው አንድ ያልተቋረጠ መስመር ካልሠሩ፣ በመካከላቸው የቀረው ተክል በተለይም ሥሩ አጭር የሆነው ሽንኩርት ይጠማል። ስለዚህ ርቀቱ ከእርጥበቱ ስፋት 80 በመቶ ገደማ እንዲሆን ይደረጋል።

ይህን ስፋት ከመጽሐፍ ከመውሰድ በራስዎ ጓሮ ቢለኩት ይሻላል፤ ሥራውም ቀላል ነው። አንድ ተኩል ሊትር የሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ ታችኛው ጎኑ ላይ በመርፌ ይብሱ፤ ክዳኑን እያላሉና እያጠበቁ ውሃው በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ተንጠባጥቦ እንዲያልቅ ያስተካክሉት። ይህ ከእርስዎ ኤሚተር ፍሰት ጋር የተቀራረበ ነው። ደረቅና የተኮተኮተ ቦታ ላይ አስቀምጠው ያንጠባጥቡ፤ በነጋታው ጠዋት ጠብታው ባረፈበት ነጥብ ላይ አፈሩን በአካፋ ቀጥ አድርገው ይቁረጡና ጎኑን ይመልከቱ። ስፋቱን ከላይ ከገጹ አይለኩ፤ ገጹ ላይ የሚታየው እርጥብ ክብ ትንሽ ነው፣ ደግሞም ቶሎ ይደርቃል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይለኩ። በባቱና በመቂ አካባቢ ባሉት ቀለል ያሉ አፈሮች ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የዚህ 80 በመቶ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። የእርስዎ መለኪያ 28 ወይም 30 ብቻ ከሆነ የ20 ሳንቲ ሜትሩን ቱቦ ይግዙ። ዋልካ አፈር ያለው ሰው ግን በ40 ወይም በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሚገባ ይሠራል፤ ከዚያ ማጥበብ ገንዘብ ማባከን ነው።

ያንኑ ቁርጥ አፈር ሲያዩ ጥልቀቱንም ይመልከቱ። እርጥበቱ በአንድ ጊዜ ማጠጣት ከሽንኩርቱ ሥር በታች፣ ማለትም ከ30 ሳንቲ ሜትር አልፎ እጅግ ወርዶ ካገኙት፣ መፍትሔው የቀኑን ውሃ ለሁለት ከፍሎ ጠዋትና ማታ መስጠት ነው። በአሸዋማ አፈር ረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ማንጠባጠብ እርጥበቱን ከማስፋት ይልቅ ወደ ታች ይገፋዋል።

የመደዳው ጉዳይ አጭር ነው። ቲማቲሙ በተለመደው 1 ሜትር የመደዳ ርቀትና 30 ሳንቲ ሜትር የተክል ርቀት ከተተከለ ለእያንዳንዱ መደዳ አንድ ቱቦ ይበቃዋል፤ በ10 ሜትር ስፋት 10 ቱቦዎች ይሆናሉ። ሽንኩርቱ አሁን በቦይ እንደሚተከለው 20 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ጥንድ መደዳዎች፣ በጥንዶቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ከተተከለ፣ አንድ ቱቦ በጥንዱ መካከል ያልፍና ሁለቱንም መደዳ ከ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያጠጣል፤ እዚህ 16 ቱቦዎች ያስፈልጋሉ። በድምሩ 260 ሜትር የጠብታ ቱቦ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አይርሱ፤ የሽንኩርቱ ቱቦዎች ስለሚቀራረቡ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰዓት የሚወርደው ውሃ ከቲማቲሙ በጣም ይበልጣል። ቲማቲሙ ላይ ያሉት 330 ያህል ኤሚተሮች በሰዓት 230 ሊትር፣ ሽንኩርቱ ላይ ያሉት 530 ያህሉ ደግሞ 370 ሊትር ያወጣሉ። ሁለቱን በአንድ መክፈቻ ካሠሯቸው አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራባል፤ ስለዚህ አከፋፋዩን መካከሉ ላይ ለሁለት ከፍለው ለእያንዳንዱ ግማሽ የየራሱ መክፈቻ ይግጠሙለት።

አሁን ወደ ማጣሪያው እንምጣ፤ ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ወድቀው ካየኋቸው መስመሮች አብዛኞቹ የወደቁት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በኤሚተሩ ውስጥ ውሃው የሚያልፍበት መንገድ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ማጣሪያው የዚያን መንገድ ስፋት አንድ ሰባተኛ የሚያህለውን ቅንጣት ጭምር መያዝ አለበት፤ ምክንያቱም ከመንገዱ የሚያንሱ ቅንጣቶችም ጠምዘዝ ባለው ቦታ እየተደራረቡ ይዘጉታል። ለዚህ የሚስማማው 120 ሜሽ ወይም 130 ማይክሮን የሚል ጽሑፍ ያለበት ማጣሪያ ነው። ከወንፊት ማጣሪያና ከዲስክ ማጣሪያ መምረጥ ካለብዎት ዲስኩን ይምረጡ። ወንፊቱ አሸዋን በደንብ ይይዛል፤ አልጌና ሌላ ለስላሳ ዝቃጭ ግን ተለጥጦ በቀዳዳዎቹ ያልፋል። ዲስኩ ውስጥ የተደራረቡት ቀለበቶች ቆሻሻውን በጥልቀታቸው ስለሚይዙት ያስቀረዋል።

በማማ ለሚሠራ መስመር ከዓይነቱ ያልተናነሰ ትልቁ ነገር የማጣሪያው መጠን ነው። ለፍሰትዎ የሶስት ሩብ ኢንች ማጣሪያ «ይበቃል» ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ጥቂት ሲቆሽሽ ግማሽ ሜትር ግፊት ይበላል፤ ያም ካለዎት ግፊት ሩቡ ነው። ስለዚህ ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን፣ ቢያንስ የ1 ኢንቹን፣ ቢገኝ የ1.5 ኢንቹን ይግዙ። መታጠብ ያለበት መቼ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ውድ የግፊት መለኪያ አያስፈልግዎትም፤ በዚህ ዝቅተኛ ግፊት መርፌው በቅጡ አይነበብም። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ቲ ገጥመው ሁለት ብርሃን የሚያሳልፉ ቀጭን የላስቲክ ቱቦዎችን ያገናኙ፤ ቱቦዎቹን በማማው እግር ላይ ከሮቶው አናት በላይ ድረስ ጎን ለጎን ይሰሯቸው። መክፈቻው ተዘግቶ ሳለ ውሃው በሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ሲከፈት ከማጣሪያው በኋላ ያለው ዝቅ ይላል። ልዩነታቸው ማጣሪያው የሚበላው ግፊት ራሱ ነው፤ ከ20 ሳንቲ ሜትር ካለፈ የመታጠቢያው ጊዜ ደርሷል።

ማጣሪያው ብዙ እንዳይደክም ሮቶውን ራሱን እንደ ማጥለያ ይጠቀሙበት። የሚወጣበት ቧንቧ ከወለሉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይውጣ፤ የሚገባበት አፍ በሻሽ ወይም በነጠላ ይሸፈን፤ ውሃው ማታ ተሞልቶ ጠዋት ቢለቀቅ ደለሉ ወለል ላይ ይቀራል። ክዳኑ ሁልጊዜ ይዘጋ፤ ብርሃን ከሌለ አልጌ አይበቅልም። አሸዋ ከጉድጓድ ውሃ ጋር ይመጣል፤ በቀጥታ ከሐይቁ ለሚስቡ ጎረቤቶችዎ ደግሞ ደለልና አልጌ ስለሚበዛ የሻሹም የማጥለሉም ሥራ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

ማጣሪያ የማይይዘው አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም በውሃው ውስጥ የሟሟው ኖራ ነው። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ውሃቸው ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ውሃ የሚያፈሉበት ድስት ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ የእርስዎም ጉድጓድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ውሃው ኤሚተሩ አፍ ላይ በሁለት ማጠጫዎች መካከል ሲደርቅ፣ ጥቁሩም ቱቦ በፀሐይ ሲግል፣ ኖራው እዚያው ይጋገራል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትበረታ ማጠጣትና ቱቦውን በጭድ ጉዝጓዝ መሸፈን ችግሩን በግልጽ ይቀንሰዋል፤ ጉዝጓዙ ከአፈር ገጽ የሚተነውንም ውሃ ያስቀራል። ማዳበሪያን በተመለከተ ዩሪያን በደንብ አሟሙቶና አጣርቶ በመስመሩ መላክ ይቻላል። ዳፕንና ኤንፒኤስን ግን በመስመሩ አይላኩ፤ ሙሉ በሙሉ አይሟሙም፣ በውስጣቸው ያለው ፎስፌት ደግሞ ከካልሲየም ጋር ተዋህዶ ድንጋይ ይሆናል። እነርሱ በመትከያ ጊዜ ከአፈሩ ጋር ይደባለቁ።

አንድ ኤሚተር ሲዘጋ ምን እንደዘጋው ሳያውቁ መድኃኒት አይሞክሩ። የተዘጋውን ቆርጠው በምላጭ ለሁለት ይሰንጥቁትና ውስጡን ይመልከቱ። በጣት ሲታሽ የሚያሻክር ቅንጣት ካለ ማጣሪያው ተቀዷል ወይም ዲስኮቹ በደንብ አልተጠበቁም ማለት ነው። ነጭና ደረቅ ቅርፊት ከሆነ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ ከፈላ ኖራ ነው። አንሸራታች ዝቃጭ ከሆነ አልጌ ወይም ባክቴሪያ ነው። ለመጨረሻው በረኪና ይረዳል። በሮቶው ውስጥ 100 ሊትር ያህል ውሃ አስቀርተው 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና 40 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፤ ሽታው በመጨረሻዎቹ ኤሚተሮች እስኪደርስ ለቀው መክፈቻውን ይዝጉና አንድ ሰዓት ቆይተው መስመሩን ያጥቡ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አያገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ኖራ ከሆነ ጥቂት ቱቦዎችን በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ማዳን ይቻላል፤ አብዛኛው ከተዘጋ ግን ቀጭኑን ቱቦ መቀየር ከድካሙ ይረክሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው መከላከያ ግን የቱቦዎቹን ጫፍ በየሳምንቱ ከፍቶ ማጠብ ነው። ማጣሪያውን አልፎ የሚገባው ደቃቅ ደለል ፍሰቱ በሚደክምበት በቱቦው መጨረሻ ላይ ይከማቻል። ሮቶው ሙሉ ሳለ አራት አራት ጫፎችን እየከፈቱ ውሃው ጥርት እስኪል ይልቀቁ። ከአንዱ ጫፍ በደቂቃ 3 ሊትር ካልወጣ ፍጥነቱ ደለሉን ለመጥረግ አይበቃም፤ በአንድ ጊዜ የሚከፍቷቸውን ጫፎች ቁጥር ይቀንሱ።

ይህ ሁሉ ከውሃ ቁጠባ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ከእርስዎ ጓሮ ጋር የሚመሳሰል አንድ ማሳ ላይ የለካሁትን ልንገርዎት። ባለቤቱ «ጠብታው ውሃ አልቆጠበልኝም፣ እንዲያውም ዳር ዳሩ ይደርቃል» ብሎ ጠራኝ። በአራት ቱቦዎች ላይ፣ በእያንዳንዱ መጀመሪያ፣ አንድ ሦስተኛው፣ ሁለት ሦስተኛውና መጨረሻው ላይ፣ በድምሩ 16 ኤሚተሮች ሥር ትናንሽ ጣሳዎች አስቀምጠን ለ5 ደቂቃ ውሃ ሰበሰብን። አማካዩ 52 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ዝቅተኛዎቹ አራት ጣሳዎች ግን በአማካይ የያዙት 34 ብቻ ነው። 34ን ለ52 ስናካፍል የፍሰቱ እኩልነት 65 በመቶ ይሆናል። ማጣሪያውን ስከፍተው ውስጡ ባዶ ነው። ፍሰቱ ስለቀነሰበት የውስጡን ዲስክ አውጥቶ አስቀምጦት ነበር። ይህን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ባወጡት ዕለት ውሃው ደስ በሚል ሁኔታ ይጨምራል፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን የመጨረሻዎቹ ኤሚተሮች መሞት ይጀምራሉ። ዲስኩን አጥበን መለስነው፣ መስመሩን በበረኪና ካከምን በኋላ ጫፎቹን ከፍተን አጠብን፣ ያልዳኑትን ቆርጠን በማገናኛ ቀጠልን። በሳምንቱ ስንለካ አማካዩ 56፣ የዝቅተኛዎቹ አራት አማካይ 49 ሆኖ እኩልነቱ ወደ 88 በመቶ ከፍ አለ።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ እርስዎ ሮቶ እናምጣው። በባቱ አካባቢ በበጋው ሙቀት ወራት አየሩ ከማሳ የሚወስደው ውሃ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ማለት ነው። ሙሉ ቅጠል የለበሰ ቲማቲም ከዚህ 1.15 እጥፍ፣ ሽንኩርት ደግሞ 1.05 እጥፍ ይጠቀማሉ። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ቲማቲምዎ በቀን 575 ሊትር፣ 100 ካሬ ሜትር ሽንኩርትዎ 525 ሊትር፣ በድምሩ 1100 ሊትር ይፈልጋሉ። ይህ ተክሎቹ በእርግጥ የሚጠጡት ነው፤ ጠብታም ሆነ ቦይ እምብዛም አይለውጠውም። በአሸዋማ አፈር ላይ በቦይ ሲያጠጡ ከሚለቁት ውሃ ተክሉ የሚያገኘው ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ 55 በመቶ ብንል በቀን በአማካይ 2000 ሊትር መልቀቅ አለብዎት። የሻጩ 70 በመቶ እውነት ቢሆን ኖሮ ከ2000 ውስጥ 600 ሊትር ብቻ ይበቃዎት ነበር፤ ያ ግን ተክሎቹ ከሚጠጡት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ስለሆነ ማሳው ይጠወልጋል። ሌላ ክርክር ሳያስፈልግ የቁጠባው ጣሪያ እዚህ ላይ ይታያል፤ ጠብታ መስኖ ሊቆጥብ የሚችለው ባካኙን ውሃ እንጂ ተክሉ የሚጠጣውን አይደለም።

መስመሩ 90 በመቶ ያህል እኩል የሚያንጠባጥብ ከሆነ 1100 ሊትሩን ለማድረስ 1220 ሊትር ይለቃሉ፤ ከ2000 ጋር ሲነጻጸር ቁጠባው 39 በመቶ ነው። በተግባርም ቲማቲሙ ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ሽንኩርቱ ወደ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይከፈትላቸዋል ማለት ነው፤ በዚህ ወቅት አንድ ሮቶ ለቀኑ እንደማይበቃም ይወቁት፣ ሩብ ያህል መጨመር ይኖርብዎታል። እኩልነቱ እንደዚያ ማሳ 65 በመቶ ከሆነ ግን፣ የተጠሙት እንዲጠግቡ ሲባል ሁሉም ላይ ተጨምሮ የሚለቀቀው 1690 ሊትር ይደርሳል፤ ቁጠባውም ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። ሰውየው «አልቆጠበልኝም» ማለቱ ትክክል ነበር።

ለሻጩ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቁጥሩ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቦይ ቢያንስ ቦዩን እስኪሞላ ድረስ መልቀቅ የግድ ስለሚል፣ ለትንንሽ ሥሮች ሲባል ሰፊ መሬት ይረጥባል። ጠብታው የሚያረጥበው ጠባብ መስመር ብቻ ስለሆነ ያን ጊዜ ቁጠባው ከግማሽ አልፎ ወደተባለው ሊጠጋ ይችላል። በተቃራኒው፣ ዛሬ በባሊ ወይም በውሃ ማጠጫ ጣሳ በየተክሉ ሥር እየዞረ የሚያጠጣ ጥንቁቅ ሰው ከጠብታ የሚያተርፈው ድካሙን እንጂ ውሃውን አይደለም፤ የውሃ ቁጠባው ምናልባት 10 በመቶ ነው። ደግሞም መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ረጥቦ ካላዩ የማይረኩ ከሆነ ቁጠባው ይጠፋል። በጠብታ መስኖ በመደዳዎቹ መካከል ያለው መሬት ደርቆ መታየቱ መስመሩ በትክክል እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ በቂ መጠጣቱን ለማወቅ ጣትዎን ወይም መኮትኮቻዎን 15 ሳንቲ ሜትር አስገብተው ከታች ይዩ።

ስለ ጉድጓድዎም አንድ ነገር ልጨምር። በቦይ ሲያጠጡ ከሥር በታች ከሚጠፋው ውሃ የተወሰነው ተመልሶ ወደ ከርሰ ምድሩ ይሰርጋል፤ ከአንድ የእጅ ጉድጓድ ጥልቀት ብዙም የማይርቅ ስለሆነ የራስዎና የጎረቤቶችዎ ጉድጓዶች ከእርሱ ይካፈላሉ። ስለዚህ የሚቆጥቡት 39 በመቶ በፓምፕ ነዳጅና በጊዜ ሙሉ በሙሉ ኪስዎ ውስጥ ቢገባም፣ የጉድጓዱ ውሃ በዚያው ልክ ከፍ እንዲልልዎት አይጠብቁ። የተረፈውን ውሃ ማሳ ለማስፋት ካዋሉት ደግሞ ከመሬቱ ሥር የሚወጣው ውሃ ከበፊቱ ሊበልጥ ይችላል። ይህን የምለው ሐይቁና ጉድጓዶቹ ከከርሰ ምድር ውሃው ጋር የተያያዙ ስለሆኑና ማሳን ማስፋት ሲታሰብ ከጎረቤቶች ጋር መነጋገር ስለሚገባ ነው።

ቱቦውን ከመግዛትዎ በፊት ግን በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ይሥሩ። ገና በቦይ እያጠጡ ሳሉ ለሁለት ሳምንት ስንት ሮቶ እንደሚያወርዱ በየዕለቱ ይጻፉ። መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ ደግሞ ሰብሉ በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ለሁለት ሳምንት እንደገና ይቁጠሩ፤ በወር አንድ ጊዜም የ16ቱን ጣሳዎች መለኪያ ያድርጉ። እኩልነቱ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ በመጀመሪያ የሚከፍቱት ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ የቱቦዎቹን ጫፍ ይሁን።